እድገቱ በደብዳቤ፣ ደመወዙ በቀጠሮ

የእድገት ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ደጋግሞ የሚያነበው አዲሱን የሥራ መደብና «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን ነው። የወር መጨረሻ ገንዘቡን የሚወስነው ግን ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች የሚሰፍረው የግልባጭ ዝርዝር ነው። እዚያ «ለፋይናንስ መምሪያ» የሚል መስመር ከሌለ፣ ወይም መስመሩ ኖሮ ወረቀቱ በአንዱ ጠረጴዛ መሳቢያ ከቀረ፣ ሠራተኛው በአዲስ ኃላፊነት እየሠራ በአሮጌው ደመወዝ ይቀጥላል። ክፍያ የሚያዘጋጀው ሰው ያለፈውን ወር ፔሮል ገልብጦ ስለሚሠራ፣ ለውጥ ያልተነገረው ስም እንዳለ ይተላለፋል። ተንኮል ላይኖርበት ይችላል። ገንዘቡ ግን አልተከፈለም።

አንዲት ሠራተኛን በምሳሌነት እንውሰድ። በአንድ የግል የምግብ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ናት እንበል። ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆና ትመደባለች፤ ደብዳቤው የወር ደመወዟ ከ9,500 ወደ 13,200 ብር ከፍ እንዳለ በግልጽ ይናገራል። ጥቅምት ሲያልቅ ባንክ የገባላት የድሮው ደመወዝ ነው። ብትጠይቅ «የዚህ ወር ፔሮል ተዘግቶ ነበር፣ በኅዳር ይስተካከላል» ተባለች። በኅዳር ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነበሩ። በታኅሣሥ «ሥራ አስኪያጁ ሊፈርሙበት ነው»፤ በጥር «የበጀት ክለሳው ይለቅ»። መጋቢት እስኪያልቅ አንዲት መስመር አልጻፈችም።

ያልጻፈችበት ምክንያት ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ይሉኝታ አለ፤ ገና ከመሾሟ የገንዘብ ጥያቄ ይዛ ብትቀርብ ሹመቱን ያላከበረች እንዳይመስልባት ትሰጋለች። ቃል የገባላት አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ በደብዳቤ ብትጠይቀው ከሰሰችኝ የሚል ይመስላታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡ የትም አይሄድም ብላ ታምናለች፤ መብቷ በደብዳቤ ተጽፎ እጇ ላይ ነውና። ይህ የመጨረሻው እምነቷ ነው የሚጎዳት።

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ጉዳይ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ሲሆን፣ አቤቱታውም በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ አካልና በአስተዳደር ፍርድ ቤት በኩል ስለሚሄድ እዚህ አንገባበትም። አዋጁ ለእንዲህ ያለችው ሠራተኛ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ያስቸኩላታል።

የሚሰጣት ይህን ነው። አሠሪው የደመወዝ ክፍያ መዝገብ መያዝ አለበት። መዝገቡ ጠቅላላውን ክፍያ፣ የተቀናሹን ዓይነትና መጠን፣ እጅ ላይ የሚደርሰውን የተጣራ ገንዘብ ማሳየት ይኖርበታል። ሠራተኛው ሲጠይቅም አሠሪው መዝገቡን የማሳየትና የማብራራት ግዴታ አለበት። ከዚያም አዋጁ አንድ ጠቃሚ ነገር ይጨምራል፤ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበሉ፣ ሊከፈለው ይገባ የነበረውን ቀሪ ደመወዝ እንደተወ አያስቆጥርም። ስለዚህ «በየወሩ ፈርመሽ ስትወስጂ ለምን ዝም አልሽ?» የሚለው በብዙ ቢሮ የሚሰማ መልስ ሕግ ፊት ብዙ ርቀት አይሄድም። በስድስት የክፍያ ወረቀቶች ላይ የሰፈረው ፊርማዋ የሚያስረዳው 9,500 ብር መቀበሏን ብቻ ነው፤ ቀሪው 3,700 ብር አይገባኝም ማለቷን አያስረዳም።

የሚያስቸኩላት ደግሞ ይርጋው ነው። በአዋጁ መሠረት ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች ሊከፈሉ ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቁ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ስድስቱ ወር ለጠቅላላው ጉዳይ አንድ ጊዜ እንደሚቆጠር አድርጎ ነው። አይደለም። የእያንዳንዱ ወር ደመወዝ የየራሱ ቀጠሮ አለው። የጥቅምቱ ልዩነት መከፈል የነበረበት ጥቅምት 30 ቀን ነው፤ ቆጠራው በማግስቱ ይጀምርና ሚያዝያ 30 ቀን ያልቃል። የኅዳሩ በግንቦት 30፣ የታኅሣሡ በሰኔ 30 ያልፋል። ሠራተኛዋ እስከ ሰኔ 5 ቀን ብትዘገይ የመደቡ እድገት እንደጸና፣ ደብዳቤውም እጇ ላይ እንዳለ፣ የጥቅምትና የኅዳር 7,400 ብር ግን ከእጇ ይወጣል። በየወሩ አዲስ 3,700 ብር ሲጠራቀም ከኋላ ደግሞ አንድ 3,700 ብር ይጣላል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ብሎ ቆይቶ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሠራተኛ፣ የአሥራ ምናምን ወር ሒሳብ ይዞ ገብቶ የስድስት ወር ብቻ ሊፈረድለት ይችላል።

እዚህ ላይ በደብዳቤው ዙሪያ ያለው ትልቁ ስህተት ይመጣል። ለአሠሪው ማመልከቻ መጻፍ በራሱ ይርጋውን አያቆምም። አዋጁ ይርጋ የሚያቋርጡ ናቸው ብሎ የሚያውቃቸው ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው የሥራ ክርክር ለሚዳኝ አካል ክስ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል አቤት ማለት ነው፤ ይህ በተግባር የሥራና ክህሎት ቢሮ ነው። ሦስተኛው ሌላኛው ወገን፣ ማለትም አሠሪው፣ የጥያቄውን ትክክለኛነት በግልጽ ማመኑ ነው። በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ይርጋው መቋረጥ የሚችለውም በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «ሠራተኛው ደብዳቤ ጽፎ ነበር» የሚል የለም። ሚያዝያ 3 ቀን ጽፎ መልሱን እስከ ሰኔ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው፣ ከሕጉ አንጻር ምንም እንዳልጻፈ ነው።

ታዲያ ደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል? ለሁለት ነገር። በቅን ልቦና የተፈጠረን ስህተት ያለ ክርክር ሊያስተካክል ይችላል፤ ብዙው ጉዳይም የሚያልቀው እዚህ ነው። ካላለቀ ደግሞ ያንን ሦስተኛውን ነገር፣ የአሠሪውን የጽሑፍ እምነት፣ ሊያመጣ የሚችል መንገድ ነው። ጥሩ ደብዳቤና ደካማ ደብዳቤ የሚለዩት በዚህ ሁለተኛ ጥቅም ነው። የሠራተኛዋ ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለኝ የደመወዝ ልዩነት እንዲከፈለኝና ደመወዜ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ድርጅቱ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፈልኝ ደብዳቤ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረቃ ተቆጣጣሪነት በወር ብር 13,200 እየተከፈለኝ እንድሠራ መመደቤ ተገልጾልኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመደቡ ላይ እየሠራሁ ብገኝም እስከ መጋቢት 30 ቀን የተከፈለኝ በቀድሞው ደመወዝ፣ በወር ብር 9,500 ነው።

ስለሆነም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ላሉት 6 ወራት፣ በወር ብር 3,700፣ በድምሩ ብር 22,200 የደመወዝ ልዩነት ከግብርና ከጡረታ መዋጮ ተቀናሽ በፊት ታስቦ እንዲከፈለኝ፣ ከሚያዝያ ወር ጀምሮም ደመወዜ በአዲሱ መደብ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። የሚከፈለኝን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፦ የእድገት ደብዳቤው ቅጂ፣ የ6 ወር የደመወዝ ወረቀት

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ መምሪያ»

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስሜትም የለበትም። «ለድርጅቱ ሌት ተቀን ስለፋ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ውድነት አልገቡበትም። እውነት ስላልሆኑ አይደለም። ጥያቄውን ከመብት ወደ ልመና ስለሚለውጡት ነው። አሠሪው «ችግርሽን እንረዳለን፣ ጊዜው ሲፈቅድ እናስብበታለን» ብሎ በትህትና እንዲመልስ በር ይከፍቱለታል። ወር፣ መጠንና የደብዳቤ ቀን ብቻ የያዘ ጥያቄ ግን ከሦስት መልሶች አንዱን ይጠይቃል፤ አዎ፣ አይ፣ ወይም ሒሳቡ ተሳስቷል። ሦስቱም ለሠራተኛዋ ይጠቅሟታል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የገባው ለጌጥ አይደለም። «ይከፈለኝ» ብቻ ብትል መልሱ በቃል ሊያልቅ ይችላል። «መጠኑንና ቀኑን በጽሑፍ» ስትል ግን በድርጅቱ የተፈረመ ወረቀት እየጠየቀች ነው። «የ6 ወር ልዩነት እንዳለ ተረጋግጧል፤ በግንቦት ደመወዝ ጋር ይከፈላል» የሚል መልስ ከመጣ፣ ያ እምነት ነው፤ ይርጋውም ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል። «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለው ግን እምነት አይደለም። ሁለቱ መልሶች ሲነበቡ በትህትና ይመሳሰላሉ። በሁለተኛው ተጽናንቶ የተቀመጠ ሰው ግን ሚያዝያ 30 ሲያልፍበት አያውቅም። የሠራተኛዋ የጊዜ ገደብ ሚያዝያ 15 የሆነውም ለዚህ ነው፤ መልስ ቢቀር ወደ ቢሮው ወይም ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት ሳምንት ይተርፋታል።

ስለ ወራት ከተነሳ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙ የግል ድርጅቶች ፔሮላቸውን የሚዘጉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእድገት ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቶ ደመወዙ በፈረንጅ ወር የሚከፈል ከሆነ፣ ጥቅምት በሁለት የደመወዝ ወረቀቶች ላይ ይከፈላል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም ቀን ጽፎ፣ የመጀመሪያው ወር ስንት ቀን እንደሚያሳስብ ማስላት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ድርጅቱ «ሒሳቡ አይገጥምም» ብሎ ሙሉውን ጥያቄ ሊያቆየው ይችላል።

ደብዳቤው የሚሰጠው በመዝገብ ቤት ነው፤ ለአለቃ በእጅ ሰጥቶ መውጣት በቂ አይደለም። ሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ማስደረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ይሠራልም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ይቻላል፤ ደረሰኙ ማስረጃ ይሆናል። ድርጅቱ በኢሜይል የሚሠራ ከሆነም ያው ጽሑፍ በኢሜይል ቢደገም ጉዳት የለውም።

የዚህች ሠራተኛ ጉዳይ ቀላል የሆነው በደብዳቤዋ ላይ ደመወዙ ስለተጻፈ ነው። ብዙዎች እንዲህ አይታደሉም።

በጣም የተለመደው ችግር «በተጠባባቂነት» የምትለው ቃል ናት። በተጠባባቂነት ወይም በውክልና የተመደበ ሰው የመደቡን ሙሉ ደመወዝ የሚያገኘው የድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነቱ እንዲህ ብሎ ከሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የተፈቀደለት የተጠባባቂነት አበል ብቻ ይሆናል። የኅብረት ስምምነቶች አንድ ሰው በተጠባባቂነት ሊቆይ የሚችልበትን ከፍተኛ ጊዜ ሊወስኑ ስለሚችሉ፣ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ የሆነ ሠራተኛ ከደብዳቤ በፊት ያንን ሰነድ ከመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበሩ ወስዶ ቢያነብ ይሻለዋል። ጥያቄው እንደ ሰነዱ ይለወጣል። የአበል ጥያቄ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የተጠባባቂነት ጊዜው ስላለፈ በቋሚነት ልመደብ የሚል።

ሌላው፣ ደብዳቤው አዲሱን መደብ ጠቅሶ ስለ ደመወዝ ዝም ሲል ነው። ያኔ ሠራተኛው ሁለተኛ ሰነድ ያስፈልገዋል። የድርጅቱ የደመወዝ ስኬል፣ የመደቡ የውስጥ ማስታወቂያ፣ ወይም የኅብረት ስምምነቱ የእድገት አንቀጽ ሊሆን ይችላል። ክፍት ቦታው በሰሌዳ ሲለጠፍ «ደመወዝ፦ በስኬሉ መሠረት» ተብሎ ከሆነ፣ ያንን ማስታወቂያ ፎቶ ያነሳ ሰው ዛሬ ማስረጃ አለው። ምንም ሰነድ ከሌለና እድገቱ በስብሰባ ላይ በጭብጨባ ብቻ የተነገረ ከሆነ፣ ነገሩ ይከብዳል። ሠራተኛው ሥራውን መሥራቱን በፈረመባቸው ሪፖርቶች ያስረዳል፤ የደመወዙን ልክ ለማስረዳት ግን ይቸገራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። እድገቱ ሠራተኛውን «የሥራ መሪ» ካደረገው ከነጭራሹ ከአዋጁ ውጭ ሊያወጣው ይችላል። የሥራ መሪ ማለት በአዋጁ አነጋገር የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። «ኃላፊ» ወይም «ማናጀር» የሚል ስም ብቻውን አይበቃም፤ የሚታየው በተግባር የያዘው ሥልጣን ነው። ፈረቃ የሚቆጣጠር ሰው በተለምዶ እዚህ ውስጥ አይገባም። መምሪያ የሚመራ ግን ሊገባ ስለሚችል፣ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል፤ የይርጋው ቆጠራም ሌላ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ ማማከሩ ወጪውን የሚያካክስ ነው።

ሚያዝያ 15 አልፎ መልስ ካልመጣስ? ሁለት መንገድ አለ። የሥራና ክህሎት ቢሮ አቤቱታ ሲቀርብለት አሠሪውን ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል፤ ለቢሮው የቀረበው አቤቱታ ውሳኔው በጽሑፍ እስኪሰጥ ይርጋውን ያቋርጣል። ሁለተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት የሚቀርብ ክስ ነው። ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም፤ አዋጁ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። በተግባር ቀጠሮዎች ከዚያ ሊረዝሙ ይችላሉ፤ ክሱ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ ይርጋው ቆሟል። ብዙዎችን የሚያስፈራው ከሥራ የመባረር ነገር ነው። አዋጁ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብን ወይም በክርክር መሳተፍን ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በስም ጠቅሶ አስቀምጧል። ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ እንዲህ የተባረረ ሰው ግን የሚከራከርበት ግልጽ አንቀጽ አለው።

ገንዘቡ ሲመጣ ብዙዎች የሚደነግጡት ከጠበቁት አንሶ ስለሚያገኙት ነው። ሠራተኛዋ በየወሩ የተጠየቀላት 3,700 ብር ሙሉው እጇ አይገባም። በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የግብር ሰንጠረዥ፣ በ9,500 ብር ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው 1,895 ብር ሲሆን በ13,200 ብር ላይ 3,120 ነው። ስለዚህ ከልዩነቱ ላይ 1,225 ብር ለግብር ይሄዳል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 259 ብር ይወስዳል። በየወሩ ቢከፈላት ኖሮ እጇ ይገባ የነበረው 2,216 ብር ነው፤ ለስድስት ወር 13,296። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ሰንጠረዡ ስለተለወጠ ከዚያ በኋላ ላሉ ወራት ስሌቱ ሌላ ነው። የስድስቱ ወር ልዩነት በአንድ ጊዜ ተደምሮ ሲከፈል ግብሩ እንዴት እንደታሰበ በዝርዝር መጠየቅም ተገቢ ነው። በደብዳቤው ላይ «ከተቀናሽ በፊት» የሚለው የገባው ለዚህ ነው፤ የተጣራውን የጠየቀ ሰው የድርጅቱን የግብር ስሌት በራሱ ላይ ይወስዳል።

በዚያው መጠን የሚረሳ ገንዘብም አለ። ሠራተኛዋ በየካቲት 20 ሰዓት የቀን ትርፍ ሰዓት ሠርታ ከሆነ፣ የተከፈላት በድሮው የሰዓት ደመወዝ ነው። ወሩን በ208 ሰዓት ለሚያሰላ ድርጅት የሁለቱ ደመወዝ ልዩነት በሰዓት 17 ብር ከ79 ሳንቲም ያህል ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ፣ ለ20 ሰዓት ከ533 ብር በላይ ቀርቶባታል። ይህም እንደ ደመወዙ በስድስት ወር ይታገዳል፤ በደብዳቤው ላይ በራሱ መስመር መጠየቅ ነበረበት።

ጡረታው ደግሞ ቆይቶ የሚታይ ነው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ የሚያስገባው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ነው፤ የጡረታ አበልም የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ልዩነቱ «ጉርሻ» ወይም «ልዩ ክፍያ» በሚል ስም ከተከፈለ፣ ያ ገንዘብ በጡረታ መዝገቧ ላይ እንደ ደመወዝ ላይቆጠርላት ይችላል። ስለዚህ ክፍያው በገባ ማግስት ሠራተኛዋ የምትመለከተው ባንክ የገባውን ድምር ብቻ አይሆንም። የደመወዝ ወረቀቱ «የደመወዝ ልዩነት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2017» ይል እንደሆነ፣ ከሥሩ የጡረታ ተቀናሽ 1,554 ብር ይታይ እንደሆነ፣ የሚያዝያ ደመወዟም በ13,200 ተሠርቶ እንደሆነ ታያለች።